የጨርቅ ሞዴስ ስለ ምን ይሸታል?

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ የጨርቅ ሞዴሴን አጥቤ፣ ወንድሞቼ እንዳያዩብኝ ከፍራሽ ሥር አደርቀዋለሁ፤ ክፍል ስቀመጥ ግን ይሸተኛል፣ ያሳክከኛልም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ልጄ ሆይ፣ የወር አበባ የተፈጥሮ ሥርዓት እንጂ ርኵሰት አይደለምና፣ ጥፋቱ ፀሐይና ነፋስ በተነፈገው ጨርቅ ላይ ሻጋታና ረቂቃን ተሕዋስያን እንዲራቡ ያደረገው የፍራሹ ሥር እርጥበት ነው። ስለዚህ አስቀድመሽ ደሙ እንዳይጣበቅበት በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፈሽ፣ ቀጥሎም በሳሙና አሽተሽ፣ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ካለቀለቅሽው በኋላ በፀሐይ አስጪው፤ ካፈርሽም ስስ ነጠላ ጣል አድርጊበት። ስፌቱን በጣትሽ ስትጫኚው ቢቀዘቅዝሽ ገና አልደረቀምና አትጠቀሚበት። በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ መለወጥ ስለሚገባ፣ ጧት ያደረግሽውን በምሳ ዕረፍት ለውጠሽ፣ ያገለገለውን በላስቲክ ቋጥረሽ ለማጠብ ወደ ቤት ውሰጂ። ማሳከኩ ካልተወሽ ወይም መጥፎ ጠረን ያለው ፈሳሽ ካየሽ፣ ሳትዘገዪ ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ።