መከላከያ ልብስ ሲወልቅ፦ በሰውነት ፈሳሽ የሚተላለፉ የቫይረስ ትኩሳቶችና የጤና ባለሙያው ጥንቃቄ

ኢቦላና ማርበርግ ደም መፍሰስን ሊያስከትሉ ከሚችሉ የቫይረስ ትኩሳቶች መካከል የሚመደቡ ናቸው። በሀገራችንም በኅዳር ወር 2018 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በጂንካ ከተማ የማርበርግ በሽታ መከሰቱ በላቦራቶሪ ምርመራ ተረጋግጧል። ይህ ትምህርት እነዚህን በሽታዎች ከሕመምተኛው ወደ ሚያክመው ባለሙያ የሚያሻግረው ምን እንደ ሆነና ባለሙያው ራሱን የሚጠብቅበትን ሥርዓት ያብራራል። ሕመምተኛም ሆነ አስታማሚ ይህን ሥርዓት ማወቁ ለራሱም ለባለሙያውም ይጠቅማል።

በሽታው በምን ይተላለፋል?

ቫይረሱ የሚገኘው በታመመው ሰው ደም፣ ትውከት፣ ተቅማጥ፣ ሽንት፣ ምራቅ፣ ላብ፣ የጡት ወተትና የዘር ፈሳሽ ውስጥ ነው። ወደ ሌላ ሰው የሚገባውም በዓይን፣ በአፍንጫ፣ በአፍ ወይም በተላጠና በቆሰለ ቆዳ በኩል ነው። በመርፌ መወጋት ደግሞ ቫይረሱን በቀጥታ ወደ ሰውነት ያስገባል። እንደ ጉንፋን በአየር ላይ ተንሳፍፎ ሩቅ ያለን ሰው አይዝም። ብዙውን ጊዜ የሚሻገረው ፈሳሹን በነካ እጅ ነው፤ ያ እጅ ሳይታጠብ ዓይንን ወይም አፍን ሲነካ ቫይረሱ ወደ ውስጥ ይገባል።

ቫይረሱ ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ ምልክቱ ከ2 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይታያል። ምልክት ያልታየበት ሰው በሽታውን አያስተላልፍም። ሕመሙ እየጠና ሲሄድ ግን በፈሳሾቹ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን እጅግ ይጨምራል። ስለዚህ በከፍተኛ አደጋ ላይ የሚወድቁት በጠና የታመመውን የሚያክሙና የሚያስታምሙ፣ እንዲሁም አስከሬኑን የሚያጥቡና የሚገንዙ ሰዎች ናቸው።

በኪክዊት የሆነው

እ.ኤ.አ. በ1995 በዛሬዋ ዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ ኮንጎ፣ ኪክዊት በተባለች ከተማ የሆነው ነገር ለጤና ባለሙያዎች ዋና ትምህርት ሆኖ ቆይቷል። በሚያዝያ ወር አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ ትኩሳትና የሆድ ሕመም ይዞት ሆስፒታል ገባ። ሐኪሞቹ በታይፎይድ ምክንያት አንጀቱ ተበስቷል ብለው በመገመት ቀዶ ሕክምና አደረጉለት። ሕመሙ ግን ኢቦላ ነበር። ብዙም ሳይቆይ በቀዶ ሕክምናው የተሳተፉትና እርሱን ያስታመሙት ባለሙያዎች መታመም ጀመሩ። ወረርሽኙ ሲያበቃ ከተመዘገቡት 315 ሕሙማን መካከል 80 ያህሉ የጤና ባለሙያዎች ነበሩ።

በግንቦት ወር ለሠራተኞቹ ጓንት፣ ጋውን፣ ማስክና መነጽር ተሰጥቷቸው አጠቃቀሙን ከሠለጠኑ በኋላ በበሽታው የሚያዙት ባለሙያዎች ቁጥር በእጅጉ ቀነሰ። ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት ሳይኖር፣ ፈሳሹ ከሰውነት ጋር እንዳይገናኝ በማድረግ ብቻ የመተላለፊያው መንገድ ተዘጋ።

ከዚህ ታሪክ እንደምንረዳው ባለሙያው የሚያዘው በተለይ በሁለት አጋጣሚዎች ነው። የመጀመሪያው በሽታው ገና ሳይጠረጠር ነው፤ ኪክዊት ላይ የሆነው ይህ ነው። ሁለተኛው በሽታው ታውቆ፣ መከላከያው ተለብሶ፣ ሥራው ካለቀ በኋላ ልብሱ በሚወልቅበት ጊዜ ነው።

ሳይጠረጠር እንዳያልፍ

እነዚህ በሽታዎች ሲጀምሩ በድንገተኛ ትኩሳት፣ በከባድ ራስ ምታት፣ በጡንቻ ሕመምና በድካም ነው። ትውከትና ተቅማጥ ይከተላሉ። የደም መፍሰስ በሁሉም ሕሙማን ላይ አይታይም፤ ቢታይም ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ደም እስኪታይ የሚጠብቅ ባለሙያ ዘግይቷል። መጀመሪያ ላይ ሕመሙ ከወባና ከታይፎይድ አይለይም፤ የወባ ምርመራ ውጤት ወባ እንዳለ ቢያሳይም ሌላው በሽታ የለም ማለት አይደለም።

በዚህ ምክንያት መለየት የሚጀምረው በጤና ተቋሙ በር ላይ ነው። ጠያቂው ባለሙያ ቢያንስ አንድ ሜትር ርቆ፣ ሕመምተኛውን ሳይነካ፣ ትኩሳት ካለው ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ባለፉት 21 ቀናት የታመመ ሰው አስታምመዋል? በቀብር ላይ አስከሬን ነክተዋል? በሽታው ወዳለበት አካባቢ ሄደዋል ወይስ የሌሊት ወፍ ወዳለበት ዋሻ ገብተዋል? ከእነዚህ ለአንዱ መልሱ «አዎ» ከሆነ ሕመምተኛው ወደ ተለየ ክፍል ይገባል፤ መከላከያ ያልለበሰ ሰውም አይነካውም።

ልብሱ እንዴት ይወልቃል?

ባለሙያው ወደ ሕመምተኛው ሲገባ ሙሉ የሰውነት መሸፈኛ፣ ውኃ የማያሳልፍ ሽርጥ፣ የጎማ ቦቲ፣ ሁለት ጓንት በላይ በላዩ፣ ማስክ፣ የዓይን መነጽርና የራስ መሸፈኛ ይለብሳል። ሲለብስ ሁሉም ንጹሕ ስለሆነ ስሕተት ቢፈጠር ይታረማል። ሲወጣ ግን የልብሱ ውጭ በፈሳሽ ተበክሏል፤ ባለሙያውም በሙቀቱ ደክሟል፣ ላብ ዓይኑን ይቆጠቁጠዋል። ለማበስ የሚነሣው እጅ ነው አደጋው። እ.ኤ.አ. በ2014 በማድሪድ የኢቦላ ሕመምተኛ ያስታመመች አንዲት ረዳት ነርስ በበሽታው ተይዛ ነበር። ልብሷን ስታወልቅ ጓንት ባጠለቀ እጇ ፊቷን ሳትነካ እንዳልቀረች ለሐኪሟ ተናግራለች።

ስለዚህ ማንም ብቻውን አያወልቅም። የሠለጠነ ባልደረባ ራቅ ብሎ ቆሞ እያንዳንዱን እርምጃ ጮክ ብሎ ይነግረዋል። ባለሙያው ያለ እርሱ ትእዛዝ ወደሚቀጥለው አይሄድም። የተለመደው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው።

1. ጓንት እንደ ለበሰ እጁን በፀረ ተዋሲያን ያጸዳል። ከዚህ በኋላም ከእያንዳንዱ እርምጃ ቀጥሎ ይህንኑ ይደግማል።
2. ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ የሽርጡን ፊት ሳይነካ ያወልቃል።
3. የራስ መሸፈኛውን ከኋላ ይዞ፣ የውስጡን ወደ ውጭ እየገለበጠ ያነሣል።
4. ራሱን ቀና አድርጎ የሰውነት መሸፈኛውን ዚፕ እስከ ታች ይከፍታል። ትከሻውን ካወጣ በኋላ እጆቹን ከእጅጌው ሲስብ የላይኛው ጓንት አብሮ ይወልቃል። ከዚያ በውስጠኛው ጓንት፣ የልብሱን ውስጥ ብቻ እየያዘ ወደ ታች ይጠቀልለዋል።
5. መነጽሩን ከራሱ ኋላ ባለው ማሰሪያ ይዞ ያነሣል። የፊቱን መስታወት አይነካም።
6. ማስኩን በመጀመሪያ የታችኛውን፣ ቀጥሎ የላይኛውን ማሰሪያ ከኋላ ፈትቶ ያወጣል።
7. ቦቲውን በእጁ ሳይነካ ያወልቃል።
8. በመጨረሻ የውስጠኛውን ጓንት አውልቆ ባዶ እጁን ይታጠባል።

የቅደም ተከተሉ ምክንያት ግልጽ ነው። እጅግ የተበከለው ነገር መጀመሪያ ይወልቃል፤ ዓይንን፣ አፍንጫንና አፍን የሚጠብቁት መነጽርና ማስክ ደግሞ ትልቁ ብክለት ከሰውነት ከራቀ በኋላ ይነሣሉ። እጅ በጓንት ተሸፍኖ የሚቆየው እስከ መጨረሻ ነው። በሙቀት ምክንያት ባለሙያው በልብሱ ውስጥ መቆየት የሚገባው አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ የቆየ ሰው ሲያወልቅ እርምጃ ይዘላል።

የክሎሪን ውሕድ

የተበከለ ዕቃና ወለል የሚጸዳው በ0.5 በመቶ ክሎሪን ነው። በገበያ የሚገኘው በረኪና 5 በመቶ ከሆነ፣ አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውኃ ጋር ሲደባለቅ ይህ መጠን ይገኛል። ለምሳሌ 1 ሊትር በረኪና በ9 ሊትር ውኃ ማለት ነው። ሳሙና ወይም የአልኮል ማጽጃ በሌለበት ለባዶ እጅ የሚሆነው 0.05 በመቶ ነው፤ ከመጀመሪያው ውሕድ አንድ እጅ ወስዶ ዘጠኝ እጅ ውኃ በመጨመር ይዘጋጃል። ኃይሉ ስለሚቀንስ ውሕዱ በየቀኑ እንደ አዲስ ይዘጋጅ።

ደም ወይም ትውከት በፈሰሰበት ላይ ክሎሪን ብቻ ማፍሰስ አይበቃም፤ ፈሳሹ ራሱ የክሎሪኑን ኃይል ያዳክማልና። አስቀድሞ በጨርቅ ተሸፍኖ ይነሣ፣ ቦታው ይታጠብ፣ ከዚያ ክሎሪኑ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ይቆይበት። በሰው ላይ ክሎሪን መርጨት ዓይንንና ሳንባን ስለሚጎዳ አይገባም።

ስሕተት ቢፈጠር

መርፌ ቢወጋ፣ ጓንት ቢቀደድ ወይም ፈሳሽ ዓይን ውስጥ ቢረጭ ባለሙያው ሥራውን ወዲያውኑ ያቆማል። መደንገጥ ልብሱን በጥድፊያ እንዲጥል ሊያደርገው ስለሚችል፣ በባልደረባው እየተመራ በሥርዓቱ ያወልቃል። የተወጋውን ቆዳ በሳሙናና በውኃ ይታጠባል። ዓይን በብዙ ንጹሕ ውኃ ብቻ ይታጠብ እንጂ ክሎሪን አይነካው። ከዚያም ለኃላፊው ያሳውቃል፤ ለ21 ቀን በየቀኑ ሁለት ጊዜ ሙቀቱ ይለካል። ትኩሳት ቢታይበት ወዲያው ከሌሎች ይለያል፣ ይመረመራል። አደጋውን የደበቀ ባለሙያ ቤተሰቡንና ባልደረቦቹን ለአደጋ ያጋልጣል። ያሳወቀውን መቅጣት ደግሞ ሌሎች እንዲደብቁ ያስተምራል።

ከሕመምተኛና ከቤተሰብ የሚጠበቀው

በለይቶ ማከሚያ ውስጥ ባለሙያው ሕመምተኛውን ለማየት ዘግይቶ ቢገባና ቶሎ ቢወጣ፣ ፊቱም ባይታይ፣ ቸልተኝነት እንዳይመስልዎ። ሕመምተኛው እየጠራ እንኳ ባለሙያው በሩጫ ሊገባ አይችልም፤ በአግባቡ ሳይለብስ ከገባ የሚቀጥለው ሕመምተኛ ራሱ ይሆናል።

በበሩ ላይ ሲጠየቁ እውነቱን ይናገሩ። የሞተ ዘመድ ማስታመምን ወይም በቀብር ላይ መገኘትን መሸሸግ ባለሙያውን እንደ ኪክዊት ሐኪሞች ሳያውቅ ወደ አደጋ ያስገባዋል። ቤት ውስጥ በእንዲህ ያለ በሽታ የተጠረጠረ ሰው ካለ ፈሳሹን አይንኩ፣ ልብሱንም አይጠቡ፤ አንድ ሰው ብቻ በርቀት እየተከታተለ በነፃ የስልክ መስመር 8335 ወይም 952 ይደውሉ። ሕመምተኛው ቢሞትም አስከሬኑን ሳይነኩ የሠለጠነ ቡድን እስኪደርስ ይጠብቁ።