ከምዕራፍ ወደ ማስታወሻ፦ ቃሉ፣ ብያኔውና አንዱ ምሳሌ

ባለፈው ሴሚስተር በአማርኛ ሥነ ምዕላድ ኮርስ የሚድ ፈተና ላይ አንድ ባለ አራት ማርክ ጥያቄ ነበር። «ልጅነት የሚለው ቃል የተገኘው በእርባታ ነው ወይስ በምሥረታ? ምክንያት ስጥ» ይላል። እኔ ጊዜ ሳላባክን «በእርባታ» ብዬ መለስኩ። ምክንያቱንም ጻፍኩ፦ ምሥረታ የቃሉን ክፍል ይለውጣል፤ ልጅ ስም ነው፣ ልጅነትም ስም ነው፤ ስለዚህ ምሥረታ ሊሆን አይችልም። ወረቀቱ ሲመለስ ከአራቱ ያገኘሁት ዜሮ ነው።

የሚያናድደው ሳላጠና ገብቼ አለመሆኑ ነው እኮ። ኖቴን ከዳር እስከ ዳር አውቀው ነበር። ኖቴ ላይ የተጻፈው «ምሥረታ፦ የቃል ክፍል የሚለውጥ። ምሳሌ፦ ደግ – ደግነት» ነው። ደግ ቅጽል ነው፣ ደግነት ስም ነው፤ ብያኔውና ምሳሌው በደንብ ይገጥማሉ። ችግሩም እዚያው ላይ ነው። ምሳሌውን የወሰድኩት ከመጽሐፉ፣ ያውም ከብያኔው ቀጥሎ ካለው መስመር ስለሆነ፣ ብያኔውን አሳጥሬ ስጽፍ ያጎደልኩትን ነገር ሊያሳየኝ አልቻለም። መጽሐፉ ያለው «ብዙ ጊዜ የቃሉን ክፍል ይለውጣል» ነበር። እኔ ቦታ ለመቆጠብ «ብዙ ጊዜ» የሚለውን ዘልዬዋለሁ።

ለፋይናል ያንኑ ምዕራፍ እንደገና ወደ ማስታወሻ ቀየርኩት። የዲፓርትመንታችን ልጆች በተለይም ሁለተኛ ዓመቶች ይህንኑ ምዕራፍ ስለሚያገኙት፣ እንዴት እንደሠራሁት በዝርዝር ልጻፍ።

ምዕራፉ ሃያ ስድስት ገጽ ነው። በመጀመሪያው ዙር በእርሳስ ያሰመርኩባቸው ቃላት ሠላሳ አንድ ነበሩ፤ ይሄ ደግሞ ማስታወሻ ሳይሆን ሌላ ምዕራፍ ነው። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ይዤ ተመለስኩ፦ ይህን ቃል ባላውቅ፣ በምዕራፉ ውስጥ የማይገባኝ ሌላ ብያኔ አለ? ለምሳሌ «ቅጥያ» ምን እንደሆነ ያላወቀ ሰው ቅድመ ቅጥያና ድኅረ ቅጥያ አይገቡትም፤ ስለዚህ ቅጥያ ይቀራል። ቅድመ ቅጥያና ድኅረ ቅጥያ ግን የቦታ ጉዳይ ብቻ ናቸው፤ ከፊት የመጣና ከኋላ የመጣ ብሎ በቅጥያ ሥር በአንድ መስመር ማለፍ ይበቃል። እንዲህ እያልኩ አሥራ ሁለት ቃላት ቀሩኝ። በፊደል ተራ አልደረደርኳቸውም። አንዱ ለሌላው መሠረት በሚሆንበት ቅደም ተከተል ነው የጻፍኳቸው፤ ምዕላድ መጀመሪያ፣ ከዚያ ነጻና ጥገኛ፣ ከዚያ ሥርና ቅጥያ፣ ከዚያ እርባታና ምሥረታ እያለ ይወርዳል።

በነገራችን ላይ አንዳንዶቻችን ከሁለተኛ ደረጃ ይዘነው የመጣነው ሌላ ስያሜ አለ። እዚያ «ባዕድ መነሻ»ና «ባዕድ መድረሻ» ብለን የተማርነውን የኮሌጁ መጽሐፍ ቅድመ ቅጥያና ድኅረ ቅጥያ ይለዋል። ሁለቱን በአንድ ማስታወሻ ውስጥ መደባለቅ ፈተና ላይ ያደናግራል። እኔ የኮርሱን ስም ብቻ ወስጄ የድሮውን ጥግ ላይ በትንሹ አስታውሼ አለፍኩ።

ብያኔውን የጻፍኩት መጽሐፉን ዘግቼ ነው። ሁለት ነገር ብቻ እንዲይዝ አደረግኩ፦ ነገሩ ምን ዓይነት ነገር እንደሆነና ከጎረቤቱ በምን እንደሚለይ። ከዚያ መጽሐፉን ገልጬ አመሳከርኩ። ስመሳክር በተለይ የፈለግኳቸው እንደ «ብዙ ጊዜ»፣ «አብዛኛውን»፣ «ብቻ»፣ «ቢያንስ» ያሉትን ቃላት ነው። ሰው ሲያሳጥር መጀመሪያ የሚጥላቸው እነሱን ነው፤ ብያኔውን ከስህተት የሚጠብቁትም እነሱ ናቸው።

አሁን ወደ ምሳሌው እንምጣ፤ ጊዜዬን በብዛት የወሰደው እሱ ነው። ለአንድ ቃል አንድ ምሳሌ ብቻ የሚፈቀድ ከሆነ፣ ያ ምሳሌ በቀላሉ የሚገጥመው ሳይሆን ከጎረቤቱ ጋር ሊምታታ የሚችለው መሆን አለበት። በምዕላድ ልጀምር። ብያኔዬ «ትርጉም ያለው ትንሹ የቋንቋ ክፍል፤ ከዚህ በላይ ቢቆረጥ ትርጉሙ የሚጠፋ» ይላል። ለዚህ «ቤት» ብዬ ምሳሌ ብሰጥ ትክክል ነው፤ ግን ምንም አያስተምረኝም። ቤት አጭር ስለሆነ ማንም አይቆርጠውም። ስለዚህ «ብርቱካን» አልኩ። በድምፅ ብር-ቱ-ካን ተብሎ ሦስት ቦታ ይቆረጣል፤ ውስጡም «ብር» የሚል እናውቀዋለን የምንለው ቃል አለ። ነገር ግን ብርቱካን ውስጥ ያለው «ብር» ከገንዘቡም ከማዕድኑም ጋር አይገናኝም፤ የቀሩት «ቱ» እና «ካን»ም ምንም አይሉም። ስለዚህ ሦስት ቀለም ያለው አንድ ምዕላድ ነው። ይህን ምሳሌ የያዘ ሰው ምዕላድን ከቃሉ ርዝመትም ከድምፅ ቁራጭም ጋር አያምታታም።

ጥገኛ ምዕላድ ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ሁላችንም ማለት ይቻላል «ጥገኛ ምዕላድ ማለት ቅጥያ ነው» ብለን እንጽፋለን፤ ምሳሌውም ቤቶች ላይ ያለው «-ኦች» ይሆናል። እውነት ነው፣ -ኦች ብቻውን አይቆምም። ግን ሰበረ፣ ሰባሪ፣ ስብራት፣ መስበሪያ የሚሉትን ጎን ለጎን አስቀምጡና በሁሉም ውስጥ የማይለወጠውን ፈልጉ። ስ፣ ብ፣ ር የሚሉት ሦስት ተነባቢዎች ናቸው። የመስበር ትርጉም ያለው እነሱ ላይ ነው፤ ብቻቸውን ግን ማንም ሰው አይናገራቸውም። ስለዚህ ሥሩ ራሱ ጥገኛ ነው፤ ቅጥያ ግን አይደለም። ለጥገኛ ምዕላድ ምሳሌዬን ከ-ኦች ወደ «ስ-ብ-ር» ስቀይር ብያኔዬም አብሮ ተቀየረ፦ «ብቻውን እንደ ቃል የማይቆም ምዕላድ፤ ቅጥያም ሥርም ሊሆን ይችላል»።

-ኦችን ግን አልጣልኳትም፤ ለቅጥያ አዋልኳት። እዚህ ላይ ፊደላችን ራሱ የሚያሳስተው ነገር አለ። ቤቶች የሚለውን ቁረጥ ስንባል እጃችን «ቤ-ቶች» ብሎ ይቆርጣል፤ ምክንያቱም «ቶ» አንድ ፊደል ነው። በ«ቶ» ውስጥ ያለው ት ግን የቤት ነው፤ ኦ ደግሞ የ-ኦች ነው። ድንበሩ በፊደሉ መሀል ያልፋል ማለት ነው። ስለዚህ ማስታወሻዬ ላይ «ቤቶች = ቤት + -ኦች» ብዬ ዘርዝሬ ጻፍኩ፤ ከሥሩም «ገበሬዎች = ገበሬ + -ዎች» አልኩ፤ በአናባቢ ለሚያልቅ ቃል መልኩ -ዎች ስለሚሆን። ሁለቱ ያው አንድ የብዙ ቁጥር ምዕላድ ናቸው።

የዕድሜ ልክ ትዝታ የሆነችኝ ግን «-ኡ» ናት። ለእርባታ አንድ ምሳሌ ስፈልግ «ቤት – ቤቱ» ብዬ ጽፌ፣ ጎኑ «የተወሰነ ስም ምልክት» አልኩ። ማስታወሻውን ስጨርስ ለዶርም ጓደኛዬ ሰጠሁት፤ እሱ ጂኦግራፊ ነው የሚያጠናው፣ ከእኛ ኮርስ ምንም አያውቅም። ቃሉንና ብያኔውን በወረቀት ሸፍኜ ምሳሌዎቹን ብቻ እያሳየሁት «ይሄ ምን የሚያሳይ ይመስልሃል?» እለዋለሁ። ቤቱ ላይ ሲደርስ «የሱ ቤት ነዋ!» አለኝ።

«አይ፣ የታወቀው ቤት ለማለት ነው» አልኩት።

«ታዲያ በምን አውቃለሁ?»

እውነቱን ነው። «ቤቱ ተሸጠ» ብንል የምናውቀው ቤት ሊሆን ይችላል፣ የእሱ ቤትም ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ «ሰበሩ» ውስጥ ያለችው -ኡ ደግሞ እነሱ ማለት ናት። ሦስት የተለያዩ ምዕላዶች አንድ ድምፅ ይዘዋል። ምሳሌዬ ከብያኔዬ ጋር አይጋጭም ነበር፤ ግን ሁለት ብያኔ ትቀበላለች፤ እንዲህ ያለችውን ምሳሌ ፈተና ላይ ይዞ መግባት አደጋ ነው። በእሷ ፋንታ «ትልቁ ቤት» አልኩ። እዚህ -ኡ ቅጽሉ ላይ ስለተቀመጠችና ቤት ባዶውን ስለቀረ፣ የባለቤትነት ትርጉም አይመጣም፤ የእሱ ቢሆን ኖሮ ቤት ላይ ምልክት ይኖር ነበር። ጓደኛዬን መልሼ ስጠይቀው «ያ ትልቁ፣ የምናውቀው» አለ። ያኔ አጸደቅኳት።

ከዚያ ወዲህ ሽፋኑን መሸፈን የሥራው ክፍል ሆኗል። ጓደኛ ካልተገኘም ማስታወሻውን ለሁለት ቀን ያህል ሳላየው ቆይቼ ራሴ እሠራዋለሁ። ምሳሌውን ብቻ አይቼ ሁለት ቃላት አፌ ላይ ከመጡ፣ ጥፋቱ ሁልጊዜ የማስታወስ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ምሳሌው ነው የሚቀየረው። ከአሥራ ሁለቱ በዚህ መንገድ የቀየርኳቸው አራት ናቸው።

ወደዚያች ባለ አራት ማርክ ጥያቄ ልመለስ። እርባታና ምሥረታን አሁን ለየብቻ አልጻፍኳቸውም፤ በአንድ ረድፍ ላይ ከአንድ ቃል አስነስቼ አስቀመጥኳቸው። ልጅ፤ ልጆች፤ ልጅነት። ልጆች ያው ልጅ ነው፣ ቁጥሩ በዛ እንጂ ሌላ ነገር አልሆነም፤ መዝገበ ቃላት ውስጥ ለብቻው አንፈልገውም። ልጅነት ግን ሰው አይደለም፣ ዕድሜ ወይም ሁኔታ ነው፤ አዲስ ቃል ነው። ሁለቱም ስም ሆነው ቀርተዋል። ስለዚህ የቃል ክፍል መለወጥ መለያው ሊሆን አይችልም። ብያኔዬም «ምሥረታ፦ ከነበረው አዲስ ትርጉም ያለው አዲስ ቃል ማውጣት፤ ብዙ ጊዜ የቃሉን ክፍል ይለውጣል፣ ሁልጊዜ ግን አይደለም» ሆነ። ደግነትን ሰርዤ ልጅነትን ጻፍኩ።

ይህ አሠራር የማይመችበትም ቦታ አለ። በዚሁ ምዕራፍ መጨረሻ ላይ የግሥ እርባታን የሚያሳይ ሰንጠረዥ አለ፤ ሰበርኩ፣ ሰበርህ፣ ሰበርሽ እያለ የሚወርድ። እዚያ አንድ ምሳሌ ብቻ መምረጥ ትርጉም የለውም፣ ምክንያቱም እውቀቱ ያለው ረድፎቹን በማነጻጸር ላይ ነው። እሱን እንዳለ ገልብጬ ከማስታወሻው ጀርባ አድርጌዋለሁ። የቀረው አሥራ ሁለቱ ቃል በአንድ ኤፎር ወረቀት በሁለት ገጽ አልቋል፤ ፎቶ ኮፒ ማድረግ የሚፈልግ ሁለተኛ ዓመት ካለ ላይብረሪ አንደኛ ፎቅ መስኮቱ ጋ አያጣኝም። ምሳሌዎቹን ግን በራሱ እንዲቀይራቸው ነው የምመክረው፤ ብርቱካንን ከኔ የወሰደ ሰው፣ እኔ ደግነትን ከመጽሐፉ እንደወሰድኩት ነው የሚሆነው።