ለብቻ ማጥናት ወይስ ተሰብስቦ ማጥናት?



ለ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የምትዘጋጁ ወጣቶች ደጋግማችሁ የምታነሡት አንድ ጥያቄ አለ። «ያለፉትን ዓመታት የፈተና ወረቀት ይዤ ለብቻዬ ልቀመጥ ወይስ ከጓደኞቼ ጋር ተሰብስቤ ላጥና?» የሚል ነው። እኔም በተፈተንሁበት ዓመት ሁለቱንም ሞክሬአለሁ፤ በሁለቱም ተሳስቻለሁ። ስሕተቴን ሳልሸሽግ ብነግራችሁ ይጠቅማችኋል ብዬ አስባለሁ።

መጀመሪያ የመረጥሁት ብቻዬን መሆንን ነበር። ከፎቶ ኮፒ ቤት የአምስት ዓመት የፊዚክስ ጥያቄ ከነመልሱ ገዝቼ ቤቴ ተቀመጥሁ። አንዱን ወረቀት መጀመሪያ ስሠራው ከመቶ 48 አገኘሁ። መልሱን አይቼ ብደግመው 70፣ ሦስተኛ ጊዜ ደግሞ 88 ሆነ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ነገር ግን ፈጽሞ አይቼው የማላውቀውን የሌላ ዓመት ወረቀት ስሠራ ያገኘሁት 50 ብቻ ነበር። ለካስ ያደገው ዕውቀቴ አልነበረም፤ «የሰባተኛው መልስ ሲ ነው» የሚለው ትዝታዬ ነው። ወረቀቱ እውነተኛውን ልካችንን የሚነግረን መጀመሪያ በሠራነው ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ ያላችሁን ወረቀት ሁሉ በአንድ ወር ጨርሳችሁ አትብሉት። ሁለቱን ሳትገልጡ ለመጨረሻው ወር አስቀምጡ። ደግሞም የመማሪያ መጻሕፍቱ ስለ ተለወጡ፣ በቆዩት ወረቀቶች ላይ ያለውን ጥያቄ ሁሉ ከመጽሐፋችሁ ማውጫ ጋር አስተያዩት፤ በማውጫው የሌለውን ርእስ እለፉት።

ከዚህ በኋላ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብዬ ከሰባት ጓደኞቼ ጋር መሰብሰብ ጀመርሁ። ሦስት ሰዓት ተቀምጠን የምንሠራው ስድስት ወይም ሰባት ጥያቄ ነበር። ከመካከላችን ፈጣን የሆነው አንዱ ጥያቄው ተነብቦ ሳያልቅ መልሱን ይናገራል፤ እኛ «አዎን፣ ልክ ነው» እያልን እንገለብጣለን። ሁላችንም የገባን ይመስለን ነበር። በማግሥቱ ያንኑ ጥያቄ በባዶ ወረቀት ላይ ብቻዬን ለመሥራት ብሞክር ከሁለተኛው መሥመር ማለፍ አቃተኝ። ሰው ሲሠራ ማየትና ራስ መሥራት ለየቅል ነው። በፈተናው ዕለት ደግሞ አጠገባችን የሚቀመጥ ፈጣን ጓደኛ የለም። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ በተሰጠበት ጊዜ፣ ከተፈታኞቹ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ እንደ ነበሩ ታስታውሳላችሁ።

ታዲያ የቱ ይሻላል? መልሱ ያለው በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። በአሜሪካ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር የሆኑት ኤሪክ ማዙር ከ1990ዎቹ መጀመሪያ (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ጀምሮ እንዲህ ያስተምሩ ነበር። ጥያቄ ያቀርቡና ተማሪው መጀመሪያ ብቻውን አስቦ መልሱን እንዲመርጥ ያደርጋሉ። ከዚያ በኋላ የተለየ መልስ ከመረጠው ጎረቤቱ ጋር ይከራከራል፤ በመጨረሻም እንደ ገና ለብቻው ይመርጣል። ብቻ፣ አብሮ፣ እንደ ገና ብቻ ማለት ነው።

እኛም በዚሁ መንገድ አራት ብቻ ሆነን እንደ ገና ጀመርን። ያንጊዜ የገጠመንን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጥያቄው እንዲህ ይላል፤ «አንዲት ኳስ በሴኮንድ 20 ሜትር ፍጥነት ቀጥ ብላ ወደ ላይ ተወረወረች። የመጨረሻው ከፍታ ላይ ስትደርስ አክስለሬሽኗ ስንት ነው?» ሁላችንም በየቤታችን ሠርተን መጣን። ፈጣኑን ጓደኛችንን ጨምሮ ሦስታችን «ዜሮ» ብለናል። ከፎቶ ኮፒ ቤት የገዛሁት መልስም «ዜሮ» ይል ነበር፤ እኔም ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ያጠናሁት ይህንኑ ነው። ብዙ የማትናገረው አንዲት እኅታችን ብቻ «10» ብላ ጽፋለች። ልናልፋት ስንል አንዱ «ለምን እንዲህ አልሽ?» ብሎ ጠየቃት።

እርስዋም አስረዳችን። ኳሷ ስትነሣ ፍጥነቷ 20 ነው፤ ከአንድ ሴኮንድ በኋላ 10፣ ከሁለት ሴኮንድ በኋላ ዜሮ ይሆናል። በሦስተኛው ሴኮንድ 10 ሆኖ ወደ ታች፣ በአራተኛው 20 ሆኖ ከእጅ ትገባለች። በእያንዳንዱ ሴኮንድ ለውጡ ያው 10 ነው፤ ከፍታው ላይ ስትደርስም አያቋርጥም። «ዜሮ የሆነው ቬሎሲቲው ነው። አክስለሬሽኑም ዜሮ ቢሆን ኖሮ ኳሷ እዚያው አየር ላይ ተንጠልጥላ ትቀር ነበር» አለችን። መጽሐፉን ገልጠን ብናይ እውነቷን ነው። ብቻዬን ብቀር ኖሮ የተሳሳተውን መልስ እስከ ፈተናው ቀን ይዤው እሄድ ነበር። እርስዋም ቤቷ አስባ፣ ጽፋ ባትመጣ ኖሮ ከሦስታችን ድምፅ በታች ሆና ዝም ትል ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በድምፅ ብልጫ መልስ ማጽደቅን ተውን፤ ስንለያይ ዳኛችን መጽሐፉ ሆነ።

አሠራራችን ይህን ይመስል ነበር። በሳምንቱ መካከል እያንዳንዱ አንድ ወረቀት ለብቻው፣ ሰዓት ይዞ፣ መልሱን ሳያይ ይሠራል። በወረቀቱ ላይ የተሰጠውን ደቂቃ ለጥያቄዎቹ ብዛት አካፍሉት፤ ለምሳሌ ለ50 ጥያቄ 120 ደቂቃ ቢሰጥ ለአንዱ የሚደርሰው ከሁለት ደቂቃ ተኩል ያነሰ ነው። ከዚያ የሳትነውን በሦስት እንከፍላለን፤ ትምህርቱን ባለማወቅ፣ ጥያቄውን ባለመረዳት፣ በችኮላ። በችኮላ የሳትነውን እዚያው ለብቻችን እናርመዋለን። ትምህርቱን ባለማወቅ የሳትነውን መጀመሪያ ከመጽሐፉ እናነባለን። ወደ ጓደኞቻችን የምንወስደው አንብበንም ያልገባንንና በመልሱ የተለያየንበትን ብቻ ነው፤ ይህም ብዙ ጊዜ ከስምንት ጥያቄ አይበልጥም። የሚያስረዳውም ያወቀው ሳይሆን የሳተው ነው፤ ጓደኛው ካስረዳው በኋላ እርሱ በራሱ አነጋገር መልሶ ይናገራል።

ለሁሉም ትምህርት ግን ስብሰባ አያስፈልግም። የእንግሊዝኛ ንባብና የታሪክ ዘመናትን መያዝ ለብቻ ይሻላል፤ ክርክር የሚጠቅመው «ለምን?» ተብሎ በሚጠየቅበት በሒሳብ፣ በፊዚክስና በኬሚስትሪ ነው። ሥራ ወይም የቤት ኀላፊነት ኖሮበት መሰብሰብ የማይችልም በሳምንት አንድ ሰዓት ከአንድ ጓደኛ ጋር ቢገናኝ ይበቃዋል።

ስብሰባችሁ መጥቀሙን ለማወቅ የምትፈልጉ እንደ ሆነ፣ በማግሥቱ የተወያያችሁባቸውን ጥያቄዎች በባዶ ወረቀት ላይ ብቻችሁን ሥሩአቸው። ከስምንቱ ስድስቱን ከሠራችሁ ቀጥሉ። ሁለቱን ብቻ ከሆነ ግን የተሰበሰባችሁት ለወሬ ነውና፣ በሚቀጥለው ሳምንት የሳታችሁትን ሳትጽፉ አትምጡ።