ስምን ማገድና አድራሻን ማገድ

በ1998 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ሆነው blogspot.com ላይ የሚገኙ ገጾችን ለመክፈት የሞከሩ አንባቢዎች አልተሳካላቸውም። ለመሆኑ አንድ ድረ ገጽ የሚታገደው እንዴት ነው?

ኮምፒውተር ገጽ ለመክፈት ሁለት እርምጃዎችን ይወስዳል። በመጀመሪያ የስም አገልጋዩን (ዲ.ኤን.ኤስ.) «የዚህ ስም ቁጥር ስንት ነው?» ሲል ይጠይቃል፤ ቀጥሎም ወደተነገረው ቁጥር መልእክት ይልካል። የስም እገዳ የመጀመሪያውን እርምጃ ያሰናክላል፤ አገልጋዩ ሐሰተኛ ቁጥር ይሰጣል፣ ወይም ስሙ እንደሌለ ይመልሳል። የአድራሻ እገዳ ግን ሁለተኛውን ያሰናክላል፤ መልእክት አስተላላፊው ራውተር ወደዚያ ቁጥር የሚሄደውን ሁሉ ይጥላል።

አንድ ድረ ገጽ በ192.0.2.10 ላይ ሳለ ቁጥሩ ታገደ እንበል። ባለቤቱ ገጹን ወደ 198.51.100.7 ያዛውርና የስም መዝገቡን ያርማል። መዝገቡ በአገልጋዮች ዘንድ የሚቆየው 300 ሴኮንድ ከሆነ፣ ሰቆጣ የሚገኝ አንባቢ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ያንኑ ስም ጽፎ ይገባል። ራውተሩ አሁንም የሚጠብቀው አሮጌውን ቁጥር ነው፤ ያን ቁጥር በኋላ የሚይዝ ሌላ ድረ ገጽም ያለ ጥፋቱ ይታገዳል።

የስም እገዳ ግን በቁጥር ለውጥ አይፈታም፤ ስሙ ያው ነውና። ከዚህ የሚያመልጠው ስሙን የለወጠ ድረ ገጽ፣ ወይም ሌላ የስም አገልጋይ የጠየቀ አንባቢ ነው።

ሁለቱን ለመለየት nslookup የተባለው ትእዛዝ ይረዳል። የተመለሰው ቁጥር ሐሰተኛ ከሆነ የታገደው ስሙ ነው። ቁጥሩ ትክክለኛ ሆኖ ገጹ ካልተከፈተ፣ አገልጋዩም በሌላ አገር የሚሠራ ከሆነ፣ በአድራሻው ላይ የተጣለ እገዳ ሊኖር ይችላል።