መድኃኒት ተጀምሮም የማይወርደው ትኩሳት፦ ታይፎይድን ቤት ለሚያስታምም

በደሳም ሆነ ጭሮ፣ ታይፎይድ የተባለ ሰው ብዙውን ጊዜ ተኝቶ አይታከምም፤ መድኃኒቱን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የአስታማሚው ነው። እኔ ታናሽ ወንድሜን ሳስታምም አሳሬን ያበላኝ አንድ ነገር ነበር፤ መድኃኒቱ ተጀምሮ ሳለ ትኩሳቱ አልወርድም ማለቱ። ስለዚህ እዚያ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፣ ቀሪውን በአጭሩ አልፋለሁ።

1. ከሦስት ቀን በላይ የቆየ ትኩሳት ካለ ጤና ጣቢያ ሂዱ

ታይፎይድ እንደ ወባ በአንድ ጊዜ አንቀጥቅጦ አይጥልም። ጀርሙ በተበከለ ውሃ ወይም ምግብ ከገባ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ምልክት ሳያሳይ ይቆያል። ከዚያ ትኩሳቱ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጨመረ ይሄዳል፤ ጠዋት ቀለል፣ ማታ ከበድ ይላል። ራስ ምታት፣ ድካም፣ ደረቅ ሳልና የምግብ ፍላጎት መጥፋት ይከተላሉ። ምላስ ነጭ ይለብሳል። አዋቂ ብዙውን ጊዜ ሆዱ ይደርቃል፣ ሕፃን ደግሞ ያስቀምጠዋል። «ብርድ ነው» ተብሎ በፌጦና በነጭ ሽንኩርት የሚባክነው ይህ የመጀመሪያ ሳምንት ነው።

ጤና ጣቢያ ስትደርሱ አስቀድሞ የወባ ምርመራ እንዲደረግ ጠይቁ፣ በተለይ በሽተኛው ሰሞኑን ቆላ ወርዶ ከነበረ። ወባ ሳይታከም ከቆየ በቀናት ውስጥ ሊገድል ይችላል፤ ምርመራውም ፈጣን ነው።

2. የዊዳልን ውጤት ብቻውን አትመኑ

«ታይፎይድና ታይፈስ ተገኘብኝ» የሚል ሰው ያልገጠመው የለም። ዊዳል የሚባለው የደም ምርመራ ጀርሙን ራሱን አያይም። የሚያየው ሰውነታችን ጀርሙን ለመከላከል የሠራውን ንጥረ ነገር ነው። ያ ንጥረ ነገር ደግሞ ካለፈ ሕመም ቀርቶ ለወራት በደም ውስጥ ሊቆይ ይችላል፤ ሌላ ኢንፌክሽንም ሊያስነሣው ይችላል። አዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ትኩሳት ያለባቸው 270 ሕሙማን ተመርምረው፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 በታተመው ጥናት፣ ከሦስቱ አንዱ ያህል በዊዳል «አለ» ተብሏል። ደማቸው በላብራቶሪ ተዘርቶ የታይፎይድ ጀርም የበቀለባቸው ግን 7 ብቻ ነበሩ።

ደም ዘርቶ ማየት፣ ማለትም ካልቸር፣ በየጤና ጣቢያው የሚገኝ አይደለም፤ ቢገኝም ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉን ይስታል። ስለዚህ ሐኪሙ የሚወስነው የትኩሳቱን አካሄድ፣ ምልክቶቹንና የወባውን ውጤት አንድ ላይ አይቶ ነው። የእናንተ ድርሻ ትኩሳቱ መቼ እንደጀመረና ከዚህ በፊት ምን መድኃኒት እንደተወሰደ በትክክል መናገር ነው። ከመድኃኒት ቤት በራስ የተገዛ ሁለት ፍሬ ሲፕሮም ቢሆን አትደብቁ። አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ እነግራችኋለሁ፦ ሕክምና ላይ እያላችሁ «ለቅቆት ይሆን?» ብላችሁ ዊዳል አታስደግሙ። ሰውየው ድኖም «አለ» ሊል ይችላል።

3. ትኩሳቱ ለምን ሳምንት እንደሚፈጅ እወቁ

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መድኃኒት በተጀመረ በሦስተኛው ቀን ሰውየው አሁንም ይነዳል። ጎረቤት «ይሄ መድኃኒት አልያዘውም» ይላል። ሌላ ክሊኒክ ይኬዳል፣ ሌላ መርፌ ይጀመራል፣ የመጀመሪያው ይቋረጣል። የሁለተኛው መድኃኒት ሁለተኛ ቀን ላይ ትኩሳቱ ሲወርድ ምስጋናው ለአዲሱ ይሰጣል፤ ሥራውን የሠራው ግን የመጀመሪያው ሊሆን ይችላል። ኪስ ይራቆታል፣ ጀርሙም በጅምር የተተወ መድኃኒት ይለምዳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የታይፎይድ ጀርም አንጀት ውስጥ ብቻ አይቀመጥም። የአንጀትን ግድግዳ አልፎ ጉበት፣ ጣፊያና የአጥንት መቅኔ ውስጥ ይገባል። እዚያም የሚደበቀው ጀርም መዋጥ ሥራቸው በሆነ የመከላከያ ሕዋሶች ሆድ ውስጥ ነው፤ ሌባ ዘበኛው ቤት ተደበቀ እንደማለት። መድኃኒቱ ደም ውስጥ ያለውን ቶሎ ያጠፋል፣ ሕዋስ ውስጥ የገባውን ግን ቀስ በቀስ ነው የሚደርስበት። የሚሞተው ጀርም ስብርባሪም ራሱ ትኩሳት ያስነሣል። በዚህ ምክንያት የሚሠራ መድኃኒት እየተወሰደ እንኳ ትኩሳቱ ለመውረድ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 7 ቀን ይወስዳል። በአዚትሮማይሲን ትንሽ ሊፈጥን፣ በሴፍትሪያክሶን መርፌ ደግሞ ወደ ሳምንቱ ሊጠጋ ይችላል፤ መርፌው ሕዋስ ውስጥ እንደ ልቡ አይገባምና። ጨርሶ ካልታከመ ግን ትኩሳቱ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ይቆያል።

4. የማታውን ልኬት ጻፉ

ታዲያ «ቀስ እያለ ነው» እና «አልሠራም» የሚባሉት በምን ይለያሉ? በእጅ ግንባር በመዳበስ አይለዩም። ዲጂታል ቴርሞሜትር ግዙ፣ ብብት ውስጥ እስኪጮህ ያዙ፣ ጻፉ። ዋናው ነገር ሰዓቱ ነው። ጠዋት ሁልጊዜ ስለሚቀል የጠዋት ቁጥር ያታልላል፤ የማታው ከፍታ ነው የሚናገረው። እኔ የመግሪብ አዛን ሲሰማ መለካትን እመርጣለሁ፣ ስልክ ላይ ማንቂያ መሙላት አያስፈልግም። ፓራሲታሞል ከተሰጠ ገና 4 ሰዓት ካልሞላው ግን ልኬቱ ሐሰት ነው። ስለዚህ ከአዛኑ በፊት ባሉት 4 ሰዓታት አትስጡ፤ መጀመሪያ ለኩ፣ ከዚያ ስጡ።

ጽሑፉ ይህን ሊመስል ይችላል። ሕክምና በጀመረበት ቀን ማታ 39.6፣ በማግስቱ 39.7፣ በሦስተኛው 39.4፣ በአራተኛው 39.0፣ በአምስተኛው 38.4፣ በስድስተኛው 37.9፣ በሰባተኛው 37.2። ሦስተኛው ቀን ላይ ቆማችሁ ብትፈርዱ «ምንም ለውጥ የለም» ትላላችሁ። አራተኛውንና አምስተኛውን ስታዩ ግን መውረድ መጀመሩ ግልጽ ነው፤ ይህ የሚሠራ መድኃኒት ነው፣ አትንኩት። በአምስተኛው ቀን ማታም 39.5 ላይ ከተገተረ፣ ወይም ሳምንት ሞልቶት ገና ትኩሳት ካለ፣ ወረቀቱን ይዛችሁ መድኃኒቱን ወደሰጠው ሐኪም ተመለሱ። መድኃኒቱ ያልበገረው ጀርም፣ ሌላ በሽታ፣ ወይም ውስጥ የተፈጠረ ችግር ሊሆን ይችላል። ያን መለየት የሐኪም ሥራ ነው። ይህ ቀን ቆጠራ የሚሠራው ሰውየው ሌላ የአደጋ ምልክት ከሌለው ብቻ ነው፤ ምልክቶቹን በስድስተኛው ደረጃ ታገኛላችሁ።

ትኩሳቱ ሲወርድ ደግሞ ተቃራኒው ፈተና ይመጣል፤ «ድኛለሁ» ብሎ መድኃኒቱን መተው። የታዘዘውን ቀን ሙሉ ጨርሱ።

5. የቤት እንክብካቤ

ውሃ አፍልታችሁ ደጋግማችሁ ስጡ። ካስቀመጠው አንድ ከረጢት ኦአርኤስ በ1 ሊትር ውሃ በጥብጡ። አጥሚት፣ ሾርባ፣ ለስላሳ ገንፎ፣ የፈላ ሆጃም ይሆናል፤ በርበሬ የበዛበትን አቆዩለት እንጂ ምግብ አትከልክሉት። ለአዋቂ ፓራሲታሞል 500 ሚሊ ግራም 1 ወይም 2 ፍሬ በየ6 ሰዓቱ ነው፣ በቀን ከ8 ፍሬ አይበልጥም። ለልጅ በኪሎው ስለሆነ ጤና ባለሙያው ይንገራችሁ። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትስጡ፤ ጨጓራና አንጀት ያደማሉ።

ሁለት ነገር ግን በአጭሩ አይታለፍም። የመጀመሪያው ጫት ነው። በኛ አገር በሽተኛ ጠያቂ ሲበዛ በርጫ አብሮ ይመጣል። ጫት ምግብ ይዘጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ሆድ ያደርቃል፤ የልብ ምትና የሰውነት ሙቀትም ስለሚጨምር የማታውን ልኬት ያበላሻል። ሁለተኛው የሆድ ድርቀቱ ነው። ሆዱ ደረቀ ብላችሁ ኮሶም ሆነ ሌላ የሚያስቀምጥ መድኃኒት አትስጡ፣ ሁቅናም አታድርጉ። የአንጀቱ ግድግዳ ቆስሎ ሳስቷል፤ ኃይለኛ ግፊት ሊበሳው ይችላል።

6. ቤት የማይበቃበት ጊዜ

አንጀት የሚደማው ወይም የሚበሳው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለተኛው ሳምንት ማብቂያ ጀምሮ በሦስተኛው ነው፤ አንዳንዴም ሰውየው ተሽሎታል በተባለበት ወቅት። ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ ሌሊትም ቢሆን ተነሡ፦

- ድንገት የጀመረ ኃይለኛ የሆድ ቁርጠት፣ ወይም ሲነኩት የሚያም፣ የተነፋና የደነደነ ሆድ
- ደም ያለበት ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ
- መቃዠት፣ ሰው አለመለየት፣ የአንገት መገተር፣ መንቀጥቀጥ ይዞት ራስን መሳት
- የሚውጠውን ሁሉ ማስመለስ፣ ቀኑን ሙሉ ሽንት አለመሽናት
- ዓይን ቢጫ መሆን

አንዱ ምልክት ደግሞ ሰውን ስለሚያዘናጋ ለብቻው አነሣዋለሁ። 39 የነበረው ትኩሳት በሰዓታት ውስጥ 36 ቢሆን፣ ቤተሰቡ «ተመስገን፣ ለቀቀው» ይላል። ሰውየው ግን ቀዝቃዛ ላብ ካጠመቀው፣ የልቡ ምት ከፈጠነና ከገረጣ ይህ መዳን አይደለም፤ ውስጥ እየደማ ወይም አንጀቱ ተበስቶ ሊሆን ይችላል። የሚድን ሰው ትኩሳቱ በቀናት ውስጥ በደረጃ ይወርዳል፣ ምግብ ይጠይቃል፣ ይቀመጣል።

አንጀት ተበስቷል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ በአፉ ምንም አትስጡ፣ ውሃም ቢሆን፤ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል። ቀዶ ሕክምና ደግሞ በጤና ጣቢያ አይሠራም። ስለዚህ ሕክምናው በተጀመረ ቀን ሦስት ነገር ጠይቃችሁ ጻፉ፦ የጤና ጣቢያውን የአምቡላንስ ስልክ፣ ሪፈር የሚላከው ጭሮ ይሁን ገለምሶ፣ ባጃጅ በማይገኝበት ሰዓት መኪና ያለው ጎረቤት ማን እንደሆነ። ነፍሰ ጡር፣ ከ5 ዓመት በታች የሆነ ልጅ፣ አረጋዊ ወይም ሌላ በሽታ ያለበት ሰው ከሆነ ደግሞ ምልክት እስኪመጣ አትጠብቁ፤ ከመጀመሪያው ቤት ይታከም ወይስ ይተኛ ብላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ።

7. ከዳነ በኋላ

መድኃኒቱ ባለቀ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ትኩሳቱ ሊያገረሽ ይችላልና ካገረሸ ወደዚያው ሐኪም ተመለሱ። የዳነ ሰውም ለሳምንታት፣ ጥቂቱም ከዓመት በላይ፣ ጀርሙን በሰገራው ሊያወጣ ይችላል። የሽንት ቤቱ ደጃፍ ላይ ውሃና ሳሙና ይቀመጥ። የዳነችው ምግብ ቤት ወይም ጁስ ቤት የምትሠራ ወይም የቤቱን እንጀራ የምትጋግር ሴት ከሆነች፣ መድኃኒቷን ጨርሳ ሐኪም «ሥራ ጀምሪ» እስኪላት ድረስ ማጀቱን ሌላ ሰው ይያዝላት።