ለተሸካሚ ግድግዳና ለክፍል መለያ ግድግዳ የሚስማማውን ብሎኬት ስለ መምረጥ

ከላሊበላ በስተሰሜን በምትገኘው በብልባላ እህል ማከማቻ ቤት የሚሠራ ማኅበር አስቀድሞ የሚያነሣው ጥያቄ የሲሚንቶ ጥያቄ ነው። ሲሚንቶው በወልድያና በጋሸና ዳገት ተጭኖ ላሊበላ ከደረሰ በኋላ ገና ሌላ መንገድ ይቀረዋል። ብሎኬቱ የሚለወስበትና የሚጠጣው ውኃም በድርቅ ዘመን ከሰውና ከከብት ጉሮሮ የሚቀነስ ነው። ስለዚህ ድፍን ብሎኬት በሚያስፈልግበት ቦታ ባለ ቀዳዳውን ማኖር አደጋ እንደ ሆነ ሁሉ፣ ባለ ቀዳዳው በሚበቃበት ቦታ ድፍኑን መደርደርም ብክነት ነው። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱን ለይቶ የመምረጡን መንገድ በአንድ ቤት ምሳሌነት እንመለከታለን።

በመጀመሪያ የሁለቱን ልዩነት እንወቅ። ርዝመቱ 40፣ ስፋቱ 20፣ ቁመቱም 20 ሳንቲሜትር የሆነ ድፍን ብሎኬት በአሸዋና በጠጠር ሲሠራ 35 ኪሎግራም ያህል ይመዝናል። በዚያው ልክ የተሠራ ባለ ቀዳዳ ብሎኬት ግን ከ18 እስከ 20 ኪሎግራም ነው። እንግዲህ ቅይጡ አንድ ዓይነት ከሆነ ባለ ቀዳዳው የሚፈጀው ሲሚንቶ የድፍኑን ግማሽ ጥቂት ቢያልፍ ነው። በአገራችን የደረጃ አመዳደብ ባለ ቀዳዳ ብሎኬት «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ» ተብሎ ይከፈላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሸክም ለሚያርፍባቸው ግድግዳዎች የሚውሉ ሲሆኑ፣ «ሐ» ሸክም ለሌለበት ግድግዳ ብቻ የተመደበ ነው። የ«ሐ» ብርታት በየካሬ ሳንቲሜትሩ 20 ኪሎግራም ያህል ነው።

ብዙ ጊዜ ስሕተት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። በከተማ ፎቅ ቤት ሸክሙን የሚይዙት የአርማታ ዓምዶች ናቸው፤ በዓምዶቹ መካከል የሚገባው ብሎኬት ክፍተት ከመሙላት በቀር ሌላ ሥራ የለውም። ይህን ያየ ግንበኛ ያንኑ ብሎኬት ወደ ገጠር አምጥቶ ዓምድ በሌለው ቤት ላይ ሲደረድረው፣ ክፍተት ይሞላ የነበረው ብሎኬት ጣራና ደርብ እንዲሸከም ይገደዳል።

አሁን ምሳሌውን እንውሰድ። ውስጡ 4 በ6 ሜትር የሆነ ቤት በ20 ሳንቲሜትር ግድግዳ ይሠራል እንበል። የላስታ ባለ ደርብ የድንጋይ ቤቶች እንደሚያደርጉት ሁሉ፣ ከላይ የእንጨት ደርብ ተሠርቶለት 60 ኩንታል እህል በጆንያ ይቀመጥበታል። ይህ በየካሬ ሜትሩ 250 ኪሎግራም ማለት ነው። ለወለሉ እንጨት 50፣ ለሠራተኞችም 50 ብንጨምር በካሬ ሜትር 350 ኪሎግራም ይሆናል። ተሸካሚ እንጨቶቹ አራቱን ሜትር አቋርጠው በሁለቱ ረጃጅም ግድግዳዎች ላይ ስለሚያርፉ፣ እያንዳንዱ ግድግዳ የሁለት ሜትር ድርሻ ይይዛል፤ በአንድ ሜትር ርዝመት 700 ኪሎግራም ነው። ለቆርቆሮው ጣራ 80 ኪሎግራም፣ 4 ሜትር ከፍታ ላለው ለግድግዳው ለራሱ ክብደት 1,120 ኪሎግራም ብናክል በግድግዳው ግርጌ 1,900 ኪሎግራም ይደርሳል። ይህ በ2,000 ካሬ ሳንቲሜትር ላይ ሲካፈል በካሬ ሳንቲሜትር ከ1 ኪሎግራም በታች ነው።

አንባቢ ይህን አይቶ «እንግዲያው ማንኛውም ብሎኬት ይበቃል» ሊል ይችላል። ነገር ግን ሸክሙ በግድግዳው ላይ እኩል ተዘርግቶ አይመጣም፤ በእንጨቶቹ ጫፍ ተሰብስቦ ይወርዳል። ተሸካሚ እንጨቶቹ በየ2 ሜትሩ ቢቀመጡ በመካከል ያለው የእያንዳንዱ እንጨት ጫፍ 1,400 ኪሎግራም ያሳርፋል። ጫፉ ወርዱ 10፣ በግድግዳው ላይ የተቀመጠበትም ርዝመት 15 ሳንቲሜትር ቢሆን የሚነካው 150 ካሬ ሳንቲሜትር ነው። ከሥሩ ያለው ባለ ቀዳዳ ብሎኬት ከሆነ ደግሞ ከዚህ ግማሹ ባዶ ነው። ስለዚህ 1,400 ኪሎግራም በ75 ካሬ ሳንቲሜትር ላይ ያርፋል፤ በካሬ ሳንቲሜትር 18.7 ኪሎግራም ማለት ነው። ይህ የ«ሐ» ብሎኬት ወደሚፈርስበት ልክ የተጠጋ ነው። የጥንቱ የድንጋይ ቤት በዚህ የማይጎዳው ግድግዳው ወፍራምና ድፍን በመሆኑ ነው።

መፍትሔው ግድግዳውን ሁሉ በድፍን ብሎኬት መሥራት አይደለም። በእያንዳንዱ እንጨት ጫፍ ሥር አንድ ድፍን ብሎኬት ቢቀመጥ ሸክሙን በራሱ ርዝመት ላይ ይዘረጋዋል። ከሥሩ ያለው ባለ ቀዳዳ ብሎኬት ግማሹ ባዶ ቢሆንም እንኳ 400 ካሬ ሳንቲሜትር ስለሚቀበለው ጫናው ወደ 3.5 ኪሎግራም ይወርዳል። ድፍን ብሎኬት ከታጣ የባለ ቀዳዳውን ቀዳዳዎች በኮንክሪት ሞልቶ ማድረቅ ይቻላል። የበርና የመስኮት መቃን አናት በሚያርፍባቸው ሁለት ጎኖችም እንዲሁ ይደረጋል። የቀረው ግድግዳ ደረጃው «ሀ» ወይም «ለ» በሆነ ባለ ቀዳዳ ብሎኬት ይሠራል። ከመሬት በታች ላለው መሠረት ግን ባለ ቀዳዳ ብሎኬት አይገባም፤ ቀዳዳው የክረምት ውኃ ይይዛልና። በላስታ ጠንካራ ድንጋይ ስለማይታጣ መሠረቱን በድንጋይ መገንባት ይሻላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። እህሉ በጆንያ ሆኖ ከግድግዳው ራቅ ተደርጎ መደርደር አለበት። ልቅ እህል በግድግዳው ላይ ከተከመረ ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ከላይ ወደ ታች የሚጫንን ሸክም የቻለ ግድግዳ የጎን ግፊትን አይችልም።

ወደ ክፍል መለያው እንለፍ። በምድር ቤቱ ውስጥ ርዝመቱ 4፣ ከፍታው 2.6 ሜትር የሆነ መለያ 130 ብሎኬት ይፈልጋል። የ10 ሳንቲሜትር ድፍን ብሎኬት አንዱ 17.5 ኪሎግራም ስለሚሆን በጠቅላላው 2,275 ኪሎግራም ይመዝናል። ባለ ቀዳዳው አንዱ 11 ኪሎግራም ያህል ስለሆነ 1,430 ኪሎግራም ነው። ይህ ግድግዳ ከራሱ በቀር የሚሸከመው ስለሌለው ድፍኑ የሚጨምረው ክብደትንና ወጪን ብቻ ነው፤ «ሐ» ይበቃዋል። ሆኖም አናቱ የደርቡን እንጨት እንዳይነካ የአንድ ወይም የሁለት ሳንቲሜትር ክፍተት ይተውለት። እህል ሲጫንበት እንጨቱ ይጎብጣል፤ ክፍተት ከሌለ ሸክሙ በመለያው ላይ ያርፍና ይሰነጥቀዋል። ጎኖቹም ከዋናው ግድግዳ ጋር በብረት ይያያዙ። በደርቡ ላይ መለያ ካስፈለገ በእንጨትና በጭቃ ይሠራ እንጂ ብሎኬት አይውጣበት።

ይህ ሁሉ ስሌት ብሎኬቱ በሚገባ የተሠራ እንደ ሆነ ብቻ ነው የሚጸናው። ብሎኬት ከቅርጹ ከወጣ ጀምሮ ቢያንስ 7 ቀን እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። ውኃ ባነሰበት ስፍራ በጥላ ሥር ደርድሮ፣ በእርጥብ ጆንያና በላስቲክ ሸፍኖ ማቆየት ውኃውን ይቆጥባል። ፀሐይ ያደረቀው ብሎኬት በምስማር ሲፋቅ ይቦናል፤ ማዕዘኑ በእጅ ሲታሸ ይረግፋል፤ ሁለቱን ሲያጋጩአቸውም የጠራ ድምፅ አይሰጥም። እንዲህ ያለው ለክፍል መለያም ቢሆን አይታመንም። በግንባታ ጊዜ ግን ብሎኬቱ እንደ ሸክላ ጡብ በውኃ አይነከርም፤ ርሶ የተገነባ ብሎኬት ሲደርቅ ይሸማቀቅና ግድግዳውን ይሰነጥቃል።

ስንጥቁ ሲታይም ምክንያቱን መለየት ይቻላል። ከእንጨት ጫፍ ሥር ጀምሮ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ስንጥቅ የተሰበሰበ ሸክም ምልክት ነው፤ እህሉ በቶሎ ወርዶ እንጨቱ በምሰሶ መደገፍ፣ የተሰነጠቀውም ብሎኬት በድፍን መተካት አለበት። መጋጠሚያውን ተከትሎ ደረጃ እየሠራ የሚሄድ ስንጥቅ ግን ብዙውን ጊዜ የመሠረት መስመጥ ምልክት ነው፤ ለዚህኛው ብሎኬት መለወጥ መድኃኒት አይሆነውም።