በጠይም ቆዳ ላይ ከብጉርና ከቁስል በኋላ ስለሚቀር ጥቁር ምልክት

ጠይም ቆዳ ያለው ሰው ብጉር ወጥቶበት ወይም እሾህ ወግቶት ከዳነ በኋላ፥ በዚያው ስፍራ ጥቁር ምልክት ይቀርበታል። ብዙ ሰው ይህን ምልክት ጠባሳ ይለዋል፤ ነገር ግን ጠባሳና ጥቁር ምልክት አንድ አይደሉም። ሁለቱን ለመለየት ጣትን በላዩ ማሳለፍ ይበቃል። ስፍራው ጎድጎድ ያለ ወይም ያበጠ ከሆነ ጠባሳ ነው። ከአካባቢው ቆዳ ጋር እኩል ለስላሳ ሆኖ ቀለሙ ብቻ የተለየ ከሆነ ግን፥ ብዙውን ጊዜ በራሱ የሚለቅ ጥቁር ምልክት ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በላይኛው ቆዳ ሥር ቀለም የሚሠሩ ጥቃቅን ሕዋሳት አሉ። ቆዳ በተቆጣ ጊዜ እነዚህ ሕዋሳት ከልክ ያለፈ ቀለም ይሠራሉ። የጠይም ሰው ሕዋሳት ቀድሞውንም ብዙ ቀለም የሚሠሩ ናቸውና ምልክቱ ጎልቶ ይታያል። ቀለሙ በላይኛው ቆዳ ውስጥ ብቻ የቀረ እንደ ሆነ መልኩ ቡናማ ነው፤ ላይኛው ቆዳም ዘወትር እየረገፈ በአዲስ ስለሚተካ ቀለሙ አብሮ ይሄዳል። ቁስሉ ጠልቆ ቀለሙ ወደ ታችኛው ቆዳ የወረደ እንደ ሆነ ግን መልኩ አመድማ ወይም ሰማያዊ መሰል ይሆናል፤ ታችኛው ቆዳ እንደ ላይኛው አይረግፍምና።

እንግዲህ የጊዜው ልክ ከዚህ ይወጣል። ቡናማው ምልክት ቁጣው ፈጽሞ ከጠፋ በኋላ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ወር ውስጥ ይለቃል፤ አመድማው ግን ዓመታት ይፈጃል፥ አንዳንዱም ፈጽሞ አይጠፋም። በቅልጥም ላይ ያለው ደግሞ በፊት ላይ ካለው ይልቅ ይዘገያል። ወሩ የሚቈጠረው ብጉሩ ከወጣበት ቀን ሳይሆን ቆዳው ከቁጣ ካረፈበት ቀን ነው። ስለዚህ ስፍራው እንደ ገና በተቆጣ ቊጥር ቊጥሩ ከአንድ ይጀምራል።

ለምሳሌ በሪራ የሚኖር አንድ የ16 ዓመት ተማሪ በመስከረም ወር በሁለቱም ጉንጮቹ ላይ ብጉር ወጣበት እንበል። የግራውን ሳይነካ ተወው፤ ምልክቱም ቡናማ ነበረና እስከ ሚያዝያ ድረስ እየሳሳ ሄዶ ሊታይ ወደማይችል ደረሰ። የቀኙን በጥፍሩ አፈረጠው። ጓደኞቹም ባፌዙበት ጊዜ በታኅሣሥ የሎሚ ጭማቂ ቀብቶ በፀሐይ ከብት ሲጠብቅ ዋለ። የሎሚ ጭማቂ ከፀሐይ ጋር ሲገናኝ ቆዳን ያቃጥላልና፥ ስፍራው ቀልቶ ቆስሎ ከቀድሞው የባሰ ጠቆረ። የቀኙ ጉንጭ ቊጥር ከታኅሣሥ በኋላ እንደ አዲስ ስለ ተጀመረ፥ በሚቀጥለው መስከረም እንኳ ገና አልለቀቀም። እንደዚሁም ቀርከሃ ሲቈርጥ ስንጥሩ ቅልጥሙን በጥልቅ ወግቶት ነበር፤ የዚህ ምልክት አመድማ ስለ ሆነ ከሁለት ዓመት በኋላም ይታያል።

ፀሐይም ምልክቱን ያዘገያል። ከባሕር ወለል በላይ 1000 ሜትር በተወጣ ቊጥር የሚያቃጥለው ጨረር ከመቶ 10 ያህል ይጨምራል። ከጎባ ወደ ሪራ የሚሻገረው የሳነቴ አምባ 4000 ሜትር ገደማ ነው፤ ብርዱና ጉሙ ፀሐዩን ደካማ ቢያስመስሉትም ጨረሩ ብርቱ ነው። ስለዚህ ሰፊ ባርኔጣ ወይም ነጠላ ፊትን ሊጋርድ ይገባል።

ከሁሉ የሚከፋው በገበያ የሚሸጠው የማንጫ ቅባት ነው። አንዳንዱ ሜርኩሪ አለበት፤ ይህም ኩላሊትን ይጎዳል። አንዳንዱ ክሎቤታዞል የሚባል ብርቱ መድኃኒት አለበት፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ብዙ ጊዜ የተቀቡት እንደ ሆነ ቆዳን ያሳሳል፥ አዲስ ብጉርም ያወጣል፤ ብጉሩም መልሶ ሌላ ጥቁር ምልክት ይተዋል። ብጉሩ የማያቋርጥ ከሆነ አስቀድሞ ብጉሩን የሚያቆም መድኃኒት ከጤና ጣቢያ መጠየቅ ይሻላል፤ ምንጩ ሳይደርቅ ምልክቱ አይለቅምና።

ነገር ግን ሁሉ ምልክት በትዕግሥት አይተውም። ቁስል ሳይቀድመው በውስጥ እግር ወይም በጥፍር ሥር ወጥቶ እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር ነገር ክፉ በሽታ ሊሆን ይችላል። ነጣ ብሎ ወይም ቀላ ብሎ ሲነኩት የማይሰማ ስፍራም የሥጋ ደዌ ምልክት ሊሆን ይችላል። እነዚህን ያየ ሰው ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይሂድ።

ለተማሪዎች የሚቀርብ ጥያቄ።
1ኛ፤ ጠባሳና ጥቁር ምልክት በምን ይለያሉ?
2ኛ፤ የተማሪው ቀኝ ጉንጭ ከግራው ይልቅ ስለ ምን ዘገየ?
3ኛ፤ አመድማ ምልክት ከቡናማው ይልቅ የሚቈየው ስለ ምንድር ነው?